ለወላጅ ጉልበት የሚስማማ መኪና

ጉልበታቸው አልታጠፍ ላላቸው እናት ወይም አባት መኪና ሲፈለግ ከዘመድ ከወዳጅ ሦስት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንደኛው «ከፍ ያለ ግዙላቸው» ይላል፤ ከፍ ያለ መኪና ላይ ቁልቁል መውረድና ተፍጨርጭሮ መነሳት የለም ባይ ነው። ሁለተኛው «ዝቅ ያለች የቤት መኪና ትሻላለች፤ በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያንጠላጥላቸዋል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ያላችሁ መኪና ይበቃል፤ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምሩበት» የሚል ነው። ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ሦስቱም የሚስቱት ግን አንድ ነገር ነው፤ ስለ መኪናው ይናገራሉ እንጂ ስለሚቀመጡበት ሰው እግር አይጠይቁም። የወንበር ከፍታ፣ የበር አከፋፈትና ዕይታ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባሉት ከወላጅ ጉልበት፣ ዳሌና አንገት ጋር ሲተያዩ ብቻ ነው። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን ጉዳዮች በየተራ ይመለከታል፤ ከዚያም አንድ ቤተሰብ እንዴት እንደመረጠ ያሳያል።

ጉልበት የሚፈተነው የት ላይ ነው?

ጤነኛ ሰው መኪና ሲገባ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ያደረገ ይመስለዋል። ልብ ብሎ ላየው ግን ብዙ ነገር ተከታትሎ ይፈጸማል። አንድ እግር ከበሩ ደፍ በላይ ይነሳል። መላ ሰውነት በሌላኛው እግር ላይ ብቻ ቆሞ ይጎነበሳል። ጭንቅላት ከጣሪያው ሥር ያልፋል፣ ዳሌ ወደ ወንበሩ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ውጭ የቀረው እግር ይሳባል። ጉልበቱ ወይም ዳሌው ለደነደነ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው በአንድ እግር ቆሞ መጎንበስ ነው፤ መላው ክብደት በአንድ የታመመ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነውና።

ስለዚህ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዎች ሌላ አገባብ ያስተምራሉ። ወላጅ ለወንበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። የወንበሩ ጠርዝ ባታቸውን ወይም ጭናቸውን እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ይጠጋሉ። አንድ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ወይም የማይንቀሳቀስ መያዣ ላይ አድርገው መጀመሪያ ቁጭ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ አንስተው ወደ ውስጥ የሚዞሩት። በዚህ አገባብ ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ እያሉ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ የሚጠማዘዝ ጉልበትም አይኖርም። ይህን አገባብ የማይፈቅድ መኪና፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ ለእኒህ ወላጅ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ መውጣት ከመግባት የሚከብድ መሆኑን ነው። ሲገባ ሰውነት ወደ ታች ስለሚሄድ ክብደት ራሱ ያግዛል። ሲወጣ ግን የጭን ፊት ጡንቻ ሰውነትን ማንሳት አለበት፤ ይህ ጡንቻ ደግሞ የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት ባለባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የደከመ ነው። ለመነሳት ደረት ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ክብደት ከእግር ጫማ በላይ መምጣት አለበት። ወንበሩ ዝቅ ብሎ ዳሌ ከጉልበት በታች ከዋለ፣ ዘንበል ማለቱ እጅግ ይበዛል፣ ጉልበቱም ከቀጤ ማዕዘን አልፎ ይታጠፋል። የዳሌ መገጣጠሚያቸው ለተቀየረላቸው ሰዎች ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፉ የሚያስጠነቅቁትም አዲሱ መገጣጠሚያ ከቦታው እንዳይወጣ ነው፤ ዝቅ ያለ የመኪና ወንበር ደግሞ ይህን ማስጠንቀቂያ ለመጣስ የተመቸ ነው።

የደነደነ መገጣጠሚያ ረጅም ጊዜ ቁጭ ካሉ በኋላ ይብስበታል። ስለዚህ በሻጭ ግቢ ውስጥ ለደቂቃ ገብቶ መውጣት ብዙም አይመሰክርም። ሙከራው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተጉዞ፣ መገጣጠሚያው ካረፈበት ተነስቶ መሆን አለበት። ከሳር ቤት ተነስቶ በተጨናነቀ መንገድ ፒያሳ ደርሶ መውረድ ከማንኛውም የሻጭ ማብራሪያ የበለጠ ይናገራል።

የወንበር ከፍታ፦ ሦስት ልኬት እንጂ አንድ አይደለም

የመጀመሪያው ልኬት ከመሬት እስከ ወንበሩ መቀመጫ ያለው ነው። በመደበኛ አውቶሞቢሎች ይህ በግምት ከ45 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከፍ ባሉ የከተማ መኪኖች፣ ማለትም በእነ ራቭ ፎር ዓይነት፣ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እንደ ላንድክሩዘር ፕራዶና ፒክአፕ ባሉት ደግሞ ከ80 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። ወላጅን በሚያዘወትሩት ጫማ ግድግዳ ተደግፈው አቁሞ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት መታጠፊያና ከመሬት እስከ መቀመጫቸው ሥር ያለውን መለካት ያስፈልጋል። የሚስማማው ወንበር በእነዚህ ሁለት ልኬቶች መካከል፣ ጭናቸው እኩሌታ ላይ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ የሚውል ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ይወድቃሉ እንጂ አይቀመጡም። ከዚያ እጅግ በላይ ከሆነ ደግሞ ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ አይቻልም፤ መቀመጫቸው ወንበሩ ላይ አይደርስም፣ መንጠልጠል ግድ ይሆናል።

ሲለካ ሰው መቀመጡን መርሳት አይገባም። ለስላሳ ወንበር ሰው ሲቀመጥበት ብዙ ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል፤ ያረጀ ስፖንጅ ከሆነ ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ስፖንጁ ማለቁን በእጁ ተጭኖ ሊያውቅ ይችላል፤ ስፖንጅ ማስቀየር ደግሞ ልባስ ቤት የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው። የወንበሩ ቅርጽም ልብ ይባል። ጎንና ጎኑ አብጦ መሐሉ የጎደጎደ ወንበር፣ ለመውጣት ሲዞሩ በጭን ሥር እንደ አጥር ይቆማል። የኋላ ክፍሉ ዘቅዝቆ የፊቱ ጠርዝ የተነሳ ወንበርም ዳሌን ከጉልበት በታች ያውላል።

ሁለተኛው ልኬት ከመኪናው ወለል እስከ ወንበሩ ያለው ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ገበያ አዲስ ጉዳይ አምጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ አዲስ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው እንደ ቢዋይዲ፣ ቮልስዋገን አይዲ 4 ወይም ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ነው። በእነዚህ መኪኖች ባትሪው ከወለሉ ሥር ተነጥፏል። ስለዚህ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ጣሪያው ግን በዚያው ልክ ከፍ እንዲል አይደረግም። ከውጭ ሲለካ የወንበሩ ከፍታ ደህና የሆነ መኪና፣ ውስጥ ሲገባ ግን በወለሉና በወንበሩ መካከል ያለው ቁመት አጥሮ፣ በተለይ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ጉልበት ወደ ላይ ተነስቶ ይቀመጣል። ጉልበቱ ለደነደነ ሰው ረጅም መንገድ እንደዚያ ተቀምጦ መሄድ ራሱ ሕመም ነው። ሁሉም የኤሌክትሪክ መኪና እኩል አይደለም፤ የፊት ወንበሩ ብዙውን ጊዜ ከፍ ስለሚደረግ ይሻላል። ስለዚህ ከፊትም ከኋላም ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ልኬት የደፉ ነው፤ ከፍታውም ወርዱም። ደፉ ከፍ ካለ እግር የበለጠ መነሳት አለበት። ደፉ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ወንበሩ ከውጭ ጠርዙ ስለሚርቅ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙ ወላጅ መቀመጫቸው ወንበሩ ላይ ሳይሆን ደፉ ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው በትልልቅ መኪኖች ጎን የሚገጠመው የእግር መርገጫ ሁልጊዜ ጥቅም የማይሆነው። ቀና ብሎ መርገጥ ለሚችል ሰው ያግዛል። ጀርባ ሰጥቶ ለሚቀመጥ ሰው ግን ከወንበሩ ያርቀዋል፣ ሲወርድ ደግሞ ጠባብ ብረት ላይ ወደ ኋላ እግር መፈለግ ይጠይቀዋል። የሐበሻ ቀሚስ ለሚለብሱ እናት ሌላም ነገር አለ፤ የበሩ የታች ጠርዝ ደፉን ሸፍኖ የሚወርድ ከሆነ ደፉ በጭቃ አይበላሽም፣ ቀሚሳቸውም ሲወርዱ አይነካካም።

ትራስ ጨምሩበት የሚለው ምክር የሚገባው ቦታ እዚህ ነው። ጠንካራና የማይንሸራተት ትራስ ወንበሩን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይችላል። ነገር ግን ከጣሪያው ጋር ያለውን ቦታ ይቀንሳል፣ የደህንነት ቀበቶው ከዳሌ አጥንት ይልቅ በሆድ ላይ እንዲያልፍ ሊያደርግ ይችላል። ቀበቶ ሆድ ላይ ከዋለ በግጭት ጊዜ ራሱ ጉዳት ያደርሳል። ለመዞር እንዲያመች ወንበር ላይ ፌስታል የሚያነጥፉ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት መነሳት አለበት፤ አለዚያ ፍሬን ሲያዝ ሰው ከቀበቶው ሥር ይንሸራተታል። ለሚነዳ አባት ደግሞ ተንሸራታች ትራስ ፈጽሞ አይመከርም፤ ፍሬን በሚረገጥበት ቅጽበት መቀመጫ መንቀሳቀስ የለበትም።

መኪናው የሚቆምበት ቦታም ልኬቱን ይለውጣል። ወላጅ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቆመው ሲገቡ፣ ወንበሩ በጠርዙ ከፍታ ልክ ዝቅ ይልባቸዋል። ስለዚህ ዝቅ ያለ መኪና ከጠርዙ ራቅ ብሎ ቆሞ ከአስፋልቱ ቢገቡ ይሻላል፤ ከፍ ያለ መኪና ግን ከጠርዙ ተጠግቶ ቢቆም ይቀልላቸዋል። ይህ ያለ ምንም ወጪ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

በሩ ምን ያህል ይከፈታል፣ የት ላይስ ይቆማል?

በር ሰፊ ነው የሚባለው ስፋቱን በዓይን በማየት አይደለም። የሚያስፈልገው ቦታ በወንበሩ የፊት ጠርዝና በበሩ ፊት ባለው ምሰሶ መካከል ያለው ነው፤ ጉልበት የሚያልፈው በዚያ ነው። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ፣ መደገፊያውን ትንሽ አጋድሞ መግባት ይህን ቦታ ያሰፋዋል። አንዳንድ መኪና ላይ ግን ወንበሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ከመሐለኛው ምሰሶ ጀርባ ስለሚደበቅ፣ ትከሻ ከምሰሶው ጋር ይጋጫል። ወንበሩን እያንቀሳቀሱ ሁለቱንም ቦታ መሞከር ግድ ነው።

የፊት በሮች በብዙ መኪኖች ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታሉ። የኋላ በሮች ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የቅርቡ ኒሳን ኤክስትሬል፣ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋሉ፤ ይህም ደግፎ ለሚያስገባ ልጅ ቆሞ የሚረዳበትን ቦታ ይሰጣል። ነገር ግን በኋላ በር ብዙውን ጊዜ የጎማው ቅስት የመግቢያውን የታች ክፍል ቆርሶ ይወስዳል። ከላይ ሰፊ የሚመስለው በር፣ ከታች እግር በሚያልፍበት ቦታ ጠባብ ይሆናል። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ጉልበታቸው ለሚያማቸው ወላጆች ጋቢና ከኋላ ወንበር ይሻላል።

በሩ በየመሐሉ የሚቆምባቸው ቦታዎች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት። ይህ በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ዋና ጉዳይ ነው። ያረጀ መኪና በሩ በቦታው መቆሙን ይተዋል፤ ዳገት ላይ ሲከፈት ተመልሶ ይዘጋል፣ ግማሽ ገብተው ያሉትን ሰው ባት ይመታል። የሚገዛው መኪና ዳገት ላይ ቆሞ በሩ ይከፈትና ይለቀቅ፤ ከተመለሰ ማቆሚያው ይቀየር ወይም ሌላ መኪና ይታይ። በሩ ቢቆምም ወላጅ በሩን ራሱን ይዘው እንዳይነሱ መንገር ያስፈልጋል፤ በር ተንቀሳቃሽ ነውና የሚከዳው ክብደት ሲያርፍበት ነው። የሚያዘው ከጣሪያው ሥር ያለው እጀታ ወይም በምሰሶው ላይ ያለው መያዣ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ይህ መያዣ ለተሳፋሪ ብቻ ይገጠማል፣ ለሾፌር የለም። በገበያ ላይ የሚገኝ፣ በሩ በሚቆለፍበት የብረት ቀለበት ውስጥ የሚሰካ አጭር እጀታም አለ፤ ሲነሱ እጅ ወደ ታች ተጭኖ እንዲያግዝ ያደርጋል፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ተነቅሎ ይቀመጣል።

ጣቶቻቸው ለደነደኑ ሰዎች የውጭው እጀታም ይመረመር። መላ መዳፍ ገብቶ የሚስበው እጀታ ይሻላል። ከበሩ ጋር ተስተካክሎ የተኛ፣ ተጭነው ብቅ ሲል የሚስቡት ዓይነት እጀታ በብዙ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ይታያል፤ ለደነደነ ጣት ይህ አስቸጋሪ ነው።

ጣሪያው የሚረሳው የበር ክፍል ነው። የፊት መስታወቱ እጅግ የተጋደመ መኪና ላይ ምሰሶው ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለሚመጣ ራስ ይመታል። ጀርባው እንደ ስፖርት መኪና የወረደ ከሆነ ደግሞ የኋላ ተሳፋሪ አንገቱን መስበር አለበት። ጀርባቸውና አንገታቸው ለማይታጠፍላቸው ወላጅ ቀጥ ያለ፣ ሳጥን የመሰለ አካል ከሚያምረው ይሻላል። ሱባሩ ፎሬስተርና ኪያ ሶል እንዲህ ያለ አካል አላቸው። ቶዮታ ሲየናን የመሰሉ ተንሸራታች በር ያላቸውም ይመረጣሉ፤ ተንሸራታቹ በር ጠባብ ማቆሚያ ውስጥ ግሩም ነው፣ ነገር ግን ወንበሩ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ መራመድን ይጠይቃል። ጉልበታቸው ለከፋ ወላጅ ከተንሸራታቹ በር ይልቅ የዚያው መኪና ጋቢና ሊቀልላቸው ይችላል።

ዕይታ፦ ከፍታ ሁልጊዜ ዕይታ አይደለም

ዕይታ በመጀመሪያ የሚመለከተው የሚነዳውን ወላጅ ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንገት የሚዞርበት ልክ ይቀንሳል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ጎን፣ ከማቆሚያ ሲወጡ ወደ ኋላ መዞር ያልቻለ አባት፣ መኪናው ራሱ እንዲያሳየው ይፈልጋል። በቮልስና በላዳ መንዳት የተማሩ አባቶች «የድሮ መኪና ሁሉን ያሳይ ነበር» ሲሉ እውነት አላቸው። ምሰሶዎቹ ቀጫጭን፣ መስታወቶቹ ሰፋፊና ዝቅ ብለው የሚጀምሩ ነበሩ። የዛሬ መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደቅቅ፣ ጎኑም በአየር ከረጢት እንዲጠበቅ ምሰሶዎቹ ወፍረዋል፣ የመስታወቱ መጀመሪያም ከፍ ብሏል። ደህንነቱ የመጣው ከፊሉ በዕይታ ዋጋ ነው።

ከፍ ያለ መኪና ይሻላል የሚሉት ወገኖች እዚህ ላይ መረጃ ሊያዩ ይገባል። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት የመድን ድርጅቶች ተቋም በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከመኪናው ፊት ባለው የ10 ሜትር ክልል ውስጥ አሽከርካሪው ምን ያህሉን እንደሚያይ ለክቷል። የ1997ቱ ሆንዳ ሲአርቪ 68 በመቶውን ሲያሳይ፣ የ2022ቱ 28 በመቶውን ብቻ ያሳያል። በሆንዳ አኮርድና በቶዮታ ካምሪ፣ ማለትም በዝቅተኞቹ አውቶሞቢሎች፣ ቅነሳው አነስተኛ ነበር። ወንበሩ ከፍ ሲል ኮፈኑም አብሮ ከፍ ብሏል፣ ምሰሶውና ስፖኪዮው ወፍረዋል። ስለዚህ ከፍታ ለጉልበት የሚሰጠውን ጥቅም ለዕይታም ይሰጣል ብሎ መገመት አይገባም።

ለአረጋውያን አሽከርካሪዎች በአሜሪካ የተዘጋጀው ካርፊት የተባለው ፕሮግራም ቀላል መለኪያ አለው። የዓይን መስመር ከመሪው የላይኛው ጠርዝ ቢያንስ 7.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ደረትና መሪው መካከል ደግሞ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር መኖር አለበት፤ የአየር ከረጢቱ ሲፈነዳ እንዳይጎዳ ነው። አጠር ያሉ አባት እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሟሉት ወንበሩ ወደ ላይ የሚነሳ፣ መሪውም የሚወርድ ወይም የሚረዝም ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ የሾፌር ወንበር ከፍታ ማስተካከያ ያለው መኪና መምረጥ ለሚነዳ ወላጅ ግዴታ ነው።

የቀረው በሙከራ ይታያል። አባት ወንበራቸውን አስተካክለው ይቀመጡ፤ ልጅ ደግሞ በመኪናው ዙሪያ ቀስ ብሎ ይሂድ። አባት አንገታቸውን ሳያስጨንቁ የት ላይ እንደጠፋባቸው ይናገሩ። በፊት ምሰሶው ጀርባ ሰው ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ ከሆነ፣ ቀለበት መንገድ ላይ እግረኛም እንደዚያው ይጠፋል። የኋላ ካሜራ ትልቅ እርዳታ ነው፤ በአሜሪካ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ ሆኗል፣ በድሮ መኪናም ላይ ማስገጠም ይቻላል። ነገር ግን ካሜራው የሚያሳየው ኋላን ብቻ ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ የማይዞረውን አንገት አይተካም።

አንድ ቤተሰብ፣ አራት መኪና

የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። እናት በሁለቱም ጉልበታቸው ብግነት አለባቸው፣ አይነዱም። አባት ይነዳሉ፣ አንገታቸው ግን ወደ ግራ እምብዛም አይዞርም። ልጆቻቸው አንድ መኪና ለሁለቱም እንዲሆን ፈለጉ። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገው ይህ ነው፤ የእናት ጉልበትና የአባት አንገት አንድ ዓይነት መኪና አይጠይቁም።

እናት በጫማቸው ሲለኩ ጉልበታቸው መታጠፊያ 40 ሳንቲ ሜትር፣ መቀመጫቸው ሥር 72 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ የሚፈለገው ወንበር ሰው ተቀምጦበት ከ56 እስከ 62 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሚሆን ነበር። ቤት የነበረችው ያሪስ ተለካች፤ ሰው ሲቀመጥበት 49 ሳንቲ ሜትር። እናት ሲገቡ የመጨረሻዎቹን ሳንቲ ሜትሮች ዱብ እያሉ ነበር የሚጨርሷቸው፤ ሲወጡም ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛውዘው ነው የሚነሱት። ትራስ ተሞከረ። ከፍታው ተሻሻለ፣ ግን ራሳቸው ከበሩ ጣሪያ ጋር መጋጨት ጀመረ፤ ለመግባት የበለጠ መጎንበስ ግድ ሆነ።

ሁለተኛው የአጎት ልጅ ያቀረበው ያገለገለ ፕራዶ ነበር። ወንበሩ 83 ሳንቲ ሜትር። እናት ጀርባቸውን ሲሰጡ መቀመጫቸው ከወንበሩ ጠርዝ በታች ቀረ። መርገጫውን ረግጠው ወጡ፤ ሲወርዱ ግን እግራቸው መሬት ሲፈልግ አየር ላይ ቆየ። በዚያ ቅጽበት ልጃቸው ደግፎ ባይዛቸው ይወድቁ ነበር። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ሲቆም ይሻል ነበር፤ ግን ቤታቸው በር ላይ ጠርዝ የለም።

ሦስተኛው ምርጫ በሁለት መኪና መካከል ነበር፤ አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪናና አንድ ያገለገለ ራቭ ፎር። የሁለቱም ጋቢና ለእናት በሚፈለገው ልክ ላይ ዋለ፤ አንዱ 63፣ ሌላው 62። ለአባት ግን ልዩነት ነበረ። በኤሌክትሪኩ መኪና ወፍራሙ የፊት ምሰሶ ወደ ግራ ሲያዩ ቆሞ የነበረውን ልጅ ሙሉ በሙሉ ሸፈነው፤ አንገታቸውን አሻግረው ማየት ስለማይችሉ ይህ ወሳኝ ሆነ። በራቭ ፎሩ መስታወቶቹ ቀጥ ያሉና ሰፊ ነበሩ። የራሱ ጉድለትም ነበረው፤ ትርፍ ጎማው የኋላ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የኋላ መስታወቱን የታች ክፍል ይሸፍናል። ይህንን ግን ካሜራ ሊያክመው ይችላል፤ ከፊት ያለውን ምሰሶ የሚያክም ነገር የለም። ራቭ ፎሩ ተገዛ፣ ካሜራ ተገጠመለት፣ የደከመው የጋቢና ስፖንጅ ተቀየረ፣ የተሳፋሪው በር ማቆሚያም ታደሰ። አባት መንዳት ቢያቆሙ ኖሮ ውሳኔው ሌላ ሊሆን ይችል ነበር፤ ለተሳፋሪ እናት ብቻ ቢሆን የኤሌክትሪኩ መኪና በምንም አያንስም ነበር።

ሲጋጩ የቱ ይቅደም?

ሦስቱን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሟላ መኪና ብርቅ ነው። ለተሳፋሪ ወላጅ ቅድሚያ የሚሰጠው ለወንበር ከፍታ ነው፤ ቀጥሎ ለበሩና ለደፉ፣ በመጨረሻ ለዕይታ። ለሚነዳ ወላጅ ግን ዕይታ ይቀድማል፤ ካየ በኋላ ነው ተመችቶት ይወርዳል የሚባለው። ሁለቱ አንድ መኪና የሚጠቀሙ ከሆነ፣ በመሣሪያ ሊታከም የማይችለው ጉድለት ይወስን። የኋላ ዕይታ በካሜራ፣ ጥቂት የጎደለ ከፍታ በስፖንጅ፣ የደከመ የበር ማቆሚያ በአዲስ ይስተካከላል። የፊት ምሰሶ፣ የደፍ ወርድ፣ የወለል ከፍታና የጣሪያ ዝቅታ ግን እንደተሠሩ ይቀራሉ።

ሙከራው ላይ ወላጅን መጠየቅ ብቻ አይበቃም። አብዛኞቹ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸው ገንዘብ እንዳያወጡ ብለው «ደህና ነው ልጄ፣ ይመቸኛል» ይላሉ። ስለዚህ አካላቸውን ማየት ይሻላል። የመጨረሻውን ክፍል ዱብ ማለት፣ እግርን በእጅ አንስቶ ማስገባት፣ በሩን ይዞ መንጠልጠል፣ ለመነሳት ደጋግሞ መወዛወዝ፣ ከወረዱ በኋላ ወዲያው አለመራመድ፤ እነዚህ ሁሉ ወንበሩ ወይም በሩ እንዳልተስማማ የሚናገሩ ናቸው።

መገጣጠሚያ ከዓመት ወደ ዓመት እየደነደነ የሚሄድ መሆኑም ይታሰብ። ዛሬ በጭንቅ የሚበቃ ወንበር ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በሁለት እኩል መኪናዎች መካከል ከተወላወሉ፣ ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥን እስካልከለከለ ድረስ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለው ይመረጥ። እግራቸውን ከደፉ በላይ በፍጹም ማንሳት ያልቻሉ ወላጅ ግን ከመኪና ምርጫ አልፈዋል፤ ለእሳቸው የሚያስፈልገው የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ጋር ሄዶ አገባቡን መማርና ደግፎ የሚያስገባ ሰው በአግባቡ መሰልጠኑ ነው።